ጥር ላይ እንጋባለን፤ ግን ከቤተሰብ መልእክት ውጪ የምናወራው አጣን (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፤ ታገሱኝ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቤ ሳቢያን ነው። እጮኛዬ ሐረር ተወልዶ አድጎ አሁን ድሬ ነው የሚሠራው። አራት ዓመት አብረን ቆይተናል። ሽማግሌ የላከው ነሐሴ ላይ ሲሆን ሰርጉ ጥር 18 እሁድ ተቆርጧል። እስከዚያ ሁለት ወር ግድም ቀርቶናል። ጾሙ አለ፤ በመሃል ታኅሣሥ 19 እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት። ስለዚህ ያለን ጊዜ ጠባብ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ፀሐዩ በረድ ሲል ከዚራ በእግር እንሄዳለን። ከተዋወቅን ጀምሮ ያለ ልማዳችን ነው። ጭማቂ ጠጥተን፣ የባጥ የቆጡን አውርተን በባጃጅ ይሸኘኛል። ከመስከረም ወዲህ ግን ሐሙስ ስብሰባ ሆነብን።

ያለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። አዳራሹ 350 ሰው ነው የሚይዘው። ለእኔ ቤተሰብ 160፣ ለእሱ ቤተሰብ 160፣ ለሁለታችን ጓደኞች 30 ብለን ተስማምተን ነበር። ምግቡ በሰው 900 ብር ነው። እናቴ በደብተር ወረቀት ላይ ሌላ 90 ስም ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና «እማዬ እነዚህ የግድ ናቸው ትላለች» አልኩት። አየው። ምንም አላለም። ስልኩን አወጣና አባቱ የላኩለትን የድምፅ መልእክት ከፈተልኝ፤ እሳቸው ደግሞ የሐረር ዘመድ በሙሉ በሁለት አውቶቡስ ይምጣ ይላሉ። «ታዲያ የኔ እናት ብቻ ናት ጥፋተኛ?» አልኩ። ዝም። «መልስልኝ እንጂ!» ዝም። ያዘዘው የአቮካዶ ጭማቂ ሳይነካው ሞቀ። ባጃጅ ውስጥ አስገባኝና «ደህና እደሪ» እንኳን ሳይለኝ ዞረ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

እወደዋለሁ፤ እሱም ይወደኛል። ሰርጉን እንዴት እንደማሳንስ አይደለም የምጠይቃችሁ። እስከ ጥር ድረስ እኔና እሱን እንዴት ላቆየን? ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ከዚራው
አቦ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ሰርጉ የማን ነው? የእናንተ ነው። የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለእናትሽ «350 ነው፣ አለቀ» በያት። እሱም ለአባቱ እንደዚያው። ሁለት ቀን ያኮርፋሉ፣ ሦስተኛው ቀን ይረሱታል። እኔ ወንድሜ ሲያገባ እንዲህ ነው ያደረገው።

ድሬ_ውበት
እህቴ አይዞሽ። ቬሎ ካልተከራየሽ ታይዋን አካባቢ ሁለት ሦስት ቤት አውቃለሁ፤ በጥር ስለሚወደድ ቀብድ ቶሎ ክፈይ። ዲኮሩንም አንድ ላይ ካስያዝሽ ይቀንሱልሻል። ወጪው ሲቀል ጭቅጭቁም ይቀላል።

የሳቢያኗ
@ድሬ_ውበት አመሰግናለሁ፣ ቬሎው ተይዟል። ጥያቄዬ ግን ስለ ወጪው አልነበረም።
@ከዚራው ለእናቴ «አለቀ» ብዬ መናገር እንዴት እንደምችል አላውቅም። ብላትም እሷን ከማስከፋት በቀር የእኔና የእሱ ዝምታ በዚህ የሚፈታ አይመስለኝም።

እትዬ_ገንደቆሬ
ልጄ፣ እኔ ሦስት ሴት ልጅ ድሬያለሁ። ከዚራው ያለሽ ግማሹ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆነውን ልንገርሽ።

እናትሽ የጻፈችው ወረቀት የጥሪ ዝርዝር መስሎሻል። የብድር መዝገብ ነው። እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ በስንት ሰው ሰርግ በልቻለሁ! በስንት ሰው ለቅሶ አብረውኝ አድረዋል! እንጀራ ጋግረው፣ ወጥ ሠርተው፣ የእድሩን ድስት አጥበው የመለሱልኝ ሴቶች አሉ። የእኔ ልጅ ስታገባ እነሱን ሳልጠራ ብቀር ነገ በምን ዓይኔ እድር ላይ እቀመጣለሁ? አንቺ 81 ሺህ ብር ጨመረችብን ትያለሽ፤ እናትሽ ደግሞ በሰፈር አንገቴን ልታስደፋኝ ነው ብላ ነው የምታስበው። ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምታወሩት።

ስለዚህ ቁጥሩን ትተሽ ከእናትሽ ጋር ቡና ላይ ተቀመጪ። ወረቀቱን ያዥና ስም በስም «ይቺ ማን ናት? ምን ውለታ ዋለችልሽ?» እያልሽ ጠይቂያት። አትቃወሚ፣ ስሚ ብቻ። ታያለሽ፤ ግማሾቹ አዳራሽ መጥተው በሹካ መብላት ራሱ አይፈልጉም። ቤት ተጠርተው፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ከእናትሽ ጋር ጎንበስ ቀና ብለው «እሰይ ልጃችን» ብለው እልል ማለት ነው የሚፈልጉት። እኔ ለመጨረሻዋ ልጄ የእድሩን ሰው በዋዜማው ቅዳሜ ቤት ጠርቼ አበላሁ። አዳራሽ ያልመጣ አንድም ሰው አልተቀየመኝም።

የሐረሩ_አባወራ
ያንቺን ሳነብ የራሴ ታሪክ መጣብኝ። እኔና ባለቤቴ ሐረር ነው የተጋባነው፣ ስድስት ዓመት ሆነን። ወላሂ ከሰርጉ በፊት ተጣልተን አናውቅም፤ እኔ ነገር ስለምደብቅ።

አጎቶቼ በርጫ ላይ ሰብሰብ ብለው «የእኛ ልጅ ሰርግ ከእገሌ ልጅ ሰርግ አያንስም» አሉ። ምርቃናው መጥቷል፣ ሁሉም ደግ ሆኗል፤ አንዱ በሬ እሰጣለሁ፣ አንዱ መኪና እከራያለሁ ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ «እሺ» አልኩ። ምርቃናው ሲወርድ ቃሉም አብሮ ወረደ። ያፈረው እኔ ነኝ፤ ድግሱ ግን ተነግሯል። ለእሷ ሳልነግር ከሁለት ሰው ተበደርኩ፣ የእቁብ እጣዬንም ቀድሜ ሸጥኩ። ከሰርጉ በኋላ በሁለተኛው ወር አንዱ አበዳሪ ቤታችን መጥቶ በር አንኳኳ። የከፈተችው እሷ ነች። ዕዳውን በ14 ወር ከፍለን ጨረስን። እሷ ግን እስከ ዛሬ ስልኬ ሲጠራ ቀና ብላ ታየኛለች። ያ ነገር አልተመለሰም።

እጮኛሽ ዝም ያለው ምናልባት አንድ ቦታ «እሺ» ብሎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ተቆጥተሽ ሳይሆን ቀስ ብለሽ ጠይቂው።

ጠበቃው_ድሬ
ወንድም ባነሳው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በእሱ መሠረት ከጋብቻ በኋላ የምታገኙት ደመወዝ የጋራ ነው። ስለዚህ አንዱ ለሰርግ ተደብቆ የተበደረው ብድር በስሙ ቢሆንም እንኳን የሚከፈልበት ገንዘብ የሁለታችሁ ይሆናል። እያንዳንዳችሁ ለማን ምን ቃል እንደገባችሁ ከፊርማው በፊት ወረቀት ላይ አስፍሩት። ለክስ ሳይሆን እንድትተዋወቁበት።

ጎህ_ሲቀድ
እህቴ እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው። ከሰርጉ በፊት እንዲህ የሚያኮርፍ ሰው ከሰርጉ በኋላ ይብሳል። ምልክት ነው። ሽማግሌ ሳያፍር በጊዜ ተይው።

የሳቢያኗ
@ጎህ_ሲቀድ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲህ ስትይው ልቤ ደነገጠ፤ ግን አይደለም።

አማካሪዋ
ጥንዶችን ማማከር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፤ አብዛኞቹ ከጋብቻ በፊት የሚመጡ ናቸው። ከጎህ_ሲቀድ ልጀምር። ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ቢመታሽ፣ ቢሰድብሽ፣ ስልክሽን ቢቀማሽ፣ ከሰው እንዳትገናኚ ቢከለክልሽ ያ የሰርግ ጭንቀት አይባልም፤ እኔም አቁሚ ነበር የምልሽ። አንቺ የጻፍሽው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ አየዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከዚራ ላይ የተቀመጡት አንቺና እሱ አልነበራችሁም። አንቺ የእናትሽ መልእክተኛ ነበርሽ፣ እሱ የአባቱ። «እማዬ እነዚህ የግድ ናቸው ትላለች» ስትዪ እሱ የሰማው «እኔ እነዚህን እፈልጋለሁ» የሚል ነው። የድምፅ መልእክቱን ሲከፍትልሽ አንቺም የሰማሽው እንደዚያ ነው። አባቱን ማኩረፍ አይችልም፣ እናትሽን መቃወም አይችልም፤ የቀረው ሰው አንቺ ነሽ። ቤተሰብ ላይ ያልወጣ ቁጣ ሁልጊዜ መውጫ የሚያገኘው በምንወደው ሰው ላይ ነው፣ እሱ አይሄድብንም ብለን ስለምናምን።

ዝምታውን በተመለከተ። አንቺ መልስ ስትጠይቂ እሱ ይዘጋል፤ ሲዘጋ አንቺ ድምፅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ ከፍ ስታደርጊ እሱ ይብስ ይዘጋል። ማን ጀመረው ማለት ጥቅም የለውም። አሜሪካ ውስጥ ጥንዶችን ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን እንዲህ የሚዘጉ ሰዎችን ልብ ምት ለክቶ ነበር፤ ፊታቸው ድንጋይ ይመስላል እንጂ ልባቸው በጣም ይመታል። በዚያ ሰዓት ሰው መስማትም መመለስም አይችልም። ሰውነት እስኪበርድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ዝም ብሎ መሄድ ግን አይደለም። የሚሄደው ሰው መቼ እንደሚመለስ መናገር አለበት፦ «አሁን አልቻልኩም፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ»። ከዚያ በሰዓቱ መደወል። እጮኛሽን የጎደለው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አንቺ ደግሞ በዚያ 20 ደቂቃ ውስጥ ክርክሩን በሆድሽ አታሟሙቂው፤ ያን ካደረግሽ ሰውነትሽ አይበርድም።

አሁን ወደ ሥራው። እኔ ለጥንዶች የምሰጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው፣ እያንዳንዳችሁ ለገዛ ቤተሰባችሁ ትመልሳላችሁ፤ የምትመልሱት ግን ሁለታችሁ አስቀድማችሁ የተስማማችሁበትን ነው። እናትሽ ወረቀት ስትሰጥሽ «እሺ»ም «እምቢ»ም አትበዪ። «እማዬ፣ ማክሰኞ ከእሱ ጋር አይተን ረቡዕ እነግርሻለሁ» በያት። መልሱን ስትወስጂ ደግሞ «እሱ አልተስማማም» እንዳትዪ። ይህ ቃል ትንሽ ይመስላል። ግን አንዴ ከአፍሽ ከወጣ እናትሽ ለዕድሜ ልክ «ያ ልጅ ነው ያስከለከለኝ» ትላለች፤ እሱም በእናንተ ቤት ቡና ሲጠጣ ይሰማዋል። «እኛ እንዲህ ወሰንን» ነው የሚባለው። መከፋቷን ያንቺ እናት ስለሆነች አንቺ ትሸከሚዋለሽ፤ የአባቱን ቅሬታ እሱ ይሸከማል።

ሁለተኛው፣ ለሰርግ ጉዳይ በሳምንት አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ቁረጡለት። ማክሰኞ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማታ እንበል። ወረቀት፣ ሒሳብ፣ የቤተሰብ መልእክት ሁሉ እዚያ ይቀርባል። ሐሙስን ግን መልሱት። ሐሙስ ስለ ሰርግ ያነሳ ሰው ጭማቂውን ይከፍላል ብትሉም ጥሩ ነው። ብዙ ጥንዶች «ይሄማ ሕፃንነት ነው» ይሉኛል፤ ግን ካላሰራችሁት ሰርጉ ሁሉንም ቀን ይበላዋል። እውነት አስቸኳይ ነገር ካለ (ቀብድ የሚከፈልበት ቀን ዛሬ ከሆነ) በአጭር መልእክት ይጠየቃል።

ጉዳዩ እየከፋ መሆኑን የምታውቂበት ምልክት አለ። «እኛ ቤት» እና «እናንተ ቤት» ማለት ስትጀምሩ፤ ስልኩ ሲጠራ ደስ ከማለት «ደግሞ ምን ሆነ?» ብለሽ ስትደነግጪ። ከሁሉም የሚብሰው ስለ ቤተሰቡ ስታወሪ ከንፈር መምጠጥ ወይም ማሾፍ ሲገባ ነው። ቁጣ ያልፋል፤ ንቀት ግን ይቀመጣል።

ከዚራው
@አማካሪዋ ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን አንዳንድ አባት ልጁ ሲነግረው አይሰማም እኮ። የሐረር ሽማግሌ ደግሞ! ልጁ ምን ያድርግ?

እትዬ_ገንደቆሬ
ለእሱማ መላ አለው። ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ሆነው የመጡት ሰዎች የት ሄዱ? እነሱ ሁለቱንም ቤት ያውቃሉ፣ ጥሎሹንም ቀኑንም የጨረሱት እነሱ ናቸው። ከመሃላቸው አባቱ የሚያከብሩትን አንድ ሰው ልጁ ራሱ ሄዶ ያናግር። ልጅ ለአባቱ «አይሆንም» ቢል ድፍረት ይሆናል፤ ሽማግሌው «ልጆቹ አቅማቸው ይሄ ነው» ቢላቸው ምክር ነው። የኛ ሰው እምቢታን የሚቀበለው በሰው ተላልፎ ሲመጣ ነው። ግን በርጫ ላይ እንዳትነግሩ፤ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ።

አማካሪዋ
@እትዬ_ገንደቆሬ በዚህ እስማማለሁ፤ እኔ የረሳሁትን ነው ያነሱት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሽማግሌው የሚወስደው ሁለቱ የወሰኑትን እንጂ እንዲወስንላቸው አይደለም። እንዲወስን ከተተወለት ከጥር በኋላም ለእያንዳንዱ ነገር ይጠራል።

የሐረሩ_አባወራ
እኔ ይህን ከሰርጌ በፊት ባነብ ኖሮ።

የሳቢያኗ
ከ12 ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ።

መጀመሪያ ደወልኩለት። «ባለፈው ሐሙስ ልናገር የፈለግኩት ዝርዝሩን አልነበረም፤ ናፍቀኸኛል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ። የሐረሩ አባወራ እንዳሉት ነው። አባቱ አውቶቡሱን ሲጠይቁት ከአንድ ወር በፊት «እሺ» ብሎ ነበር፣ እኔ እንዳልከፋ ደብቆ። የእኔን 90 ስም ሲያይ «አሁን ስለ ራሴ ብነግራት የባሰ ይሆናል» ብሎ ነው የተዘጋው። እኔ ደግሞ ንቆኝ መስሎኝ ነበር።

ከእናቴ ጋር ቡና ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ እንዳሉኝ ስም በስም ጠየቅኩ። ሦስተኛዋ ስም ላይ እናቴ ሲኒውን አስቀመጠችና «ይቺ አባትሽ ሆስፒታል ሲተኛ ዘጠኝ ቀን ምሳ ያመላለሰችልን ናት» አለች። እኔ ስሟን እንኳን አላውቀውም ነበር። ከ90ው ውስጥ 52ቱ የእድርና የሰፈር ሰው ናቸው፤ እነሱን በዋዜማው ቅዳሜ ቤት እንጠራለን፤ ድንኳንና ዕቃ ከእድር ነው፣ ወጪው 35 ሺህ ብር ያህል ይሆናል ብለን አስልተናል። 21ዱ ስም ደግሞ ከእህቴ ሰርግ ደብተር የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ፤ ግማሾቹ ጅቡቲና አዲስ አበባ ገብተዋል፣ እናቴ ራሷ ሰረዘቻቸው። የቀሩት 17 ናቸው፣ እነሱ አዳራሽ ይመጣሉ። ቦታውን ከጓደኞቻችን ሠላሳው ላይ ቀነስን፤ ይሄ አንድ ጓደኛዬን አስቀይሟል።

ማክሰኞ ላይ ሒሳብ ሠራን። ቃል የገባነውን ሁሉ ሁለታችንም ጻፍን፤ የእሱ ዝርዝር ከእኔ ረዘመ፤ አንዱን ሲያነብልኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አልተቆጣሁም። ተናድጄ ነበር፤ ግን «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንጨርሰው» ብዬ ወጣሁና ደወልኩ።

ያልተፈታው አባቱ ናቸው። የነሐሴው ሽማግሌ አንዱ ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ሄደው አነጋገሯቸው። «አንድ አውቶቡስ ይበቃል» የሚለውን ሰምተዋል፤ ግን ለእኔ ቤተሰብ 17 ሰው መጨመሩን ሰሙና «ታዲያ ለእኔም 17» አሉ። እጮኛዬ እሁድ ጠዋት ብቻውን ሐረር ሊወጣ ነው። አብሬ ልሂድ ስለው «የኔ አባት ናቸው፣ እኔ ልጨርሰው» አለኝ።

እትዬ_ገንደቆሬ
ይሂድ ልጄ። አባቱ 17ቱን ከያዙ ግን ለሐረር ሰዎች የመልሱን ቀን አስቡበት፤ የመልስ ድግስ የሚደረገው የት ነው?

የሳቢያኗ
ገና አልተወሰነም እትዬ። ማክሰኞ አነሳዋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ አልችልም፤ ከታች ባጃጅ ይዞ እየጠበቀኝ ነው።